ከዘፈኑ ርዕስ ሥር ያለው ስም

ባለፈው ሰሞን ጥቂት ሆነን «ዘ ላስት ዎልትዝ» የተባለውን ፊልም አየን። ፊልሙን ያዘጋጀው ማርቲን ስኮርሴሲ ነው። «ዘ ባንድ» የተባለው የሮክ ቡድን ኖቬምበር 25 ቀን 1976 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ዊንተርላንድ በተባለ አዳራሽ ያደረገውን የመሰነባበቻ ኮንሰርት ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ደክሟቸው ነው፤ ራሳቸው ተናገሩት እኮ!» አለ። ሌላው «ገንዘብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይኖራል?» ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው ደግሞ «ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ግቢ አይኖርም፤ የፈጠራ ግጭት ነው» ብሎ ሁለቱንም ሊያስታርቅ ሲሞክር ጭራሽ አባባሰው። የዚህ ሂስ መነሻ ያ ክርክር ነው።

የሮክ ባንዶች ለምን ይፈርሳሉ በተባለ ቁጥር እነዚህ ሦስት ምክንያቶች እንደ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ይቆጠራሉ። አንዱን ባንድ ድካም ገደለው፣ አንዱን ገንዘብ፣ አንዱን ጠብ ይባላል። እኛ ግን የ«ዘ ባንድ»ን ሸክላዎች እንደ ወጡበት ዘመን በተራ ደርድረን፣ ከፊልሙ ጋር እያስተያየን ስናነብ የደረስንበት ሌላ ነው። ሦስቱ አንድ ገመድ ናቸው። የገመዱም ጫፍ የታሰረው በሸክላው ላይ፣ ከዘፈኑ ርዕስ ሥር በትንንሽ ፊደል በተጻፈው ስም ላይ ነው። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ሰዎቹን እናስተዋውቅ።

ቡድኑ አምስት ሰው ነው። ድራም የሚመታው ሌቮን ሄልም አሜሪካዊ ሲሆን የአርካንሶ ገበሬ ልጅ ነው። የቀሩት አራቱ ካናዳውያን ናቸው፤ ጊታሪስቱ ሮቢ ሮበርትሰን፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሪክ ዳንኮ፣ ፒያኖ የሚጫወተው ሪቻርድ ማኑዌል፣ ኦርጋኑን የያዘው ጋርዝ ሀድሰን። ዘፋኞቹ ሄልም፣ ዳንኮና ማኑዌል ናቸው። ሮበርትሰን በሸክላ ላይ ሲዘፍን የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

እነዚህ አምስት ሰዎች በ1961 መጨረሻ ሮኒ ሆውኪንስ ከሚባል ዘፋኝ ኋላ ተሰልፈው ነበር። ከቶሮንቶ እስከ አርካንሶ ባለው መንገድ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት እየዞሩ ይጫወቱ ነበር። ሆውኪንስ ቀላል አለቃ አልነበረም፤ ሌሊት ሥራ ካለቀ በኋላ እንደገና ልምምድ ያስገባቸዋል፣ ደንብ ያፈረሰውን በገንዘብ ይቀጣል። በ1964 ከእርሱ ተለይተው በራሳቸው ቆሙ። በ1965 ቦብ ዲላን ቀጠራቸው። ዲላን የሕዝብ ዘፈን ብቻውን በጊታር ይዘፍናል ብሎ የሚወደው ሕዝብ፣ ከኤሌክትሪክ ባንድ ጋር ብቅ ሲልበት በየከተማው በጩኸት ያዋርዳቸው ነበር። ሄልም ይህን አልቻለውም፤ በ1965 መጨረሻ ጥሎ ሄዶ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ማውጫ ላይ የጉልበት ሥራ ሠራ። የቀሩት ጉዞውን ጨረሱ። በ1967 ዲላን በሚኖርበት በዉድስቶክ አቅራቢያ አንድ ሮዝ ቀለም የተቀባ ቤት ተከራይተው ምድር ቤቱ ውስጥ ሲጫወቱ ከረሙ። ሄልምም ተጠርቶ ተመለሰ። «ሚውዚክ ፍሮም ቢግ ፒንክ» የተባለው የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1968 ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ መንገድ ድካም አንድ ነገር እንበል። በፊልሙ ውስጥ ስለ መለያየቱ ምክንያት የሚናገረው በአብዛኛው ሮበርትሰን ነው። ነገሩን ባጭሩ ብናቀርበው፣ አሥራ ስድስት ዓመት መንገድ ላይ ኖርን፣ መንገድ ስንቱን ታላቅ ሙዚቀኛ በልቷል፣ ሃያ ዓመት እስኪሞላን አንጠብቅም ይላል። ያምራል፤ ያሳዝናልም። ነገር ግን ከዘመን አቆጣጠሩ ጋር ስናስተያየው አይገጥምም። መንገዱ እጅግ የከፋው ከ1961 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት ነው፤ ገንዘብ የለም፣ እንቅልፍ የለም፣ በመጨረሻም ስድብ አለ። ያን ጊዜ ባንዱ አልፈረሰም። አንድ ሰው ሄደ፣ እርሱም ተመለሰ። ዝነኛ ከሆኑ በኋላ ግን ከ1972 መጀመሪያ እስከ 1973 አጋማሽ ድረስ መድረክ ወጡ ለማለት አይቻልም። በ1974 ከዲላን ጋር እንደገና ሲዞሩ ስድስት ሳምንት ውስጥ 40 ጊዜ ተጫወቱ፤ እርግጥ ነው ያደክማል፣ ግን በግል አውሮፕላን እየሄዱ ነበር፣ ይሰድባቸው የነበረው ሕዝብም አሁን ቆሞ ያጨበጭብላቸዋል። በ1975 ደግሞ እንደ ባንድ ከቤት ወጡ ማለት ያስቸግራል። ታዲያ ሲርባቸው ያልፈረሱ፣ ሲጠግቡ እንዴት ደከማቸው? በ1976 ማኑዌል በጀልባ አደጋ አንገቱን ተጎድቶ የተወሰኑ ዝግጅቶች እንደ ተሰረዙ እናውቃለን። ድካሙ ውሸት ነው አንልም። የምንለው ድካሙ ብቻውን አይበቃም ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆን፣ ሌላ ቦታ ደግሞ እንፈልግ።

ወደ ሸክላዎቹ እንመለስ። አንባቢ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ነገር ነው፤ ሙዚቃውን ሳያጫውቱ ስሞቹን ብቻ ማንበብ። በመጀመሪያው ሸክላ ላይ 11 ዘፈኖች አሉ። ሮበርትሰን ብቻውን የጻፋቸው 4 ናቸው። ማኑዌል 3 ለብቻው፣ 1 ደግሞ ከዲላን ጋር ጽፏል። ዳንኮ ከዲላን ጋር 1 አለው። የቀሩት ሁለቱ አንዱ የዲላን፣ ሌላው የቆየ የሌሎች ዘፈን ነው። እንግዲህ በ1968 በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት እኩል ጸሐፊዎች አሉ፤ ሮበርትሰንና ማኑዌል፣ አራት ለአራት።

በ1969 የወጣው ሁለተኛው ሸክላ የራሳቸውን ስም የያዘው፣ በብዙዎች ዘንድ ምርጣቸው የሚባለው ነው። 12 ዘፈን አለው። በ12ቱም ላይ የሮበርትሰን ስም አለ። በ8ቱ ላይ ብቻውን፣ በ3ቱ ላይ ከማኑዌል ጋር፣ በ1ዱ ላይ ከሄልም ጋር። የዳንኮና የሀድሰን ስም አንድም ቦታ የለም። በ1970 በወጣው ሦስተኛ ሸክላ ላይ ከ10 ዘፈኖች የማኑዌል ስም ያለባቸው 2 ብቻ ናቸው። በ1971 በወጣው ላይ ምንም የለውም። በ1975 የወጣው ሸክላ 8 ዘፈን ሲኖረው ስምንቱም የሮበርትሰን ብቻ ናቸው። የማኑዌልን መሥመር ብቻ ብንከተል አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይላል። አንድ ደራሲ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲደርቅ ሃያሲ «ምን ነካው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

«ስም ምን ያደርጋል? ክብር ነው እንጂ» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ስሙ ደመወዝ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሕግ መሠረት አንድ ሸክላ ሲሸጥ በላዩ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዘፈን 2 ሳንቲም ለዘፈኑ ባለመብቶች ይከፈል ነበር። ይህ ዋጋ ከ1909 እስከ 1977 አልተለወጠም። ሳንቲሙ የሚሄደው ለደራሲውና ለአሳታሚው ነው፤ ለተጫወተው አይደለም። ተጫዋቾቹ ከሸክላ ኩባንያው የሚያገኙት ሌላ ድርሻ አላቸው፤ ይኸኛው ግን ኩባንያው ለስቱዲዮ ያወጣውን፣ ቅድሚያ ያበደረውን ሁሉ ካስመለሰ በኋላ የሚመጣ ነው። የደራሲው ሳንቲም ከመጀመሪያው ሸክላ ጀምሮ ይቆጠራል፤ የተጫዋቹ ዕዳው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

አሁን የ1969ኙን ሸክላ በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። 12 ዘፈን በ2 ሳንቲም ሲባዛ ለአንድ ሸክላ 24 ሳንቲም ይሆናል። ነገሩ እንዲቀለን የአሳታሚውን ድርሻ እንተውና፣ ሁለት ስም ያለበትን ዘፈን እኩል እንክፈለው። ከ24ቱ ሳንቲም 20ው የሮበርትሰን ይሆናል። 3ቱ የማኑዌል ነው። 1ዱ የሄልም ነው። ለዳንኮና ለሀድሰን ዜሮ። መቶ ሺህ ሸክላ ቢሸጥ፣ ሃያ ሺህ ዶላር፣ ሦስት ሺህ ዶላር፣ አንድ ሺህ ዶላር፣ ባዶ፣ ባዶ ማለት ነው። ይህ የእኛ የጥቁር ሰሌዳ ሒሳብ ነው እንጂ የእነርሱ የባንክ ደብተር አይደለም፤ መካከል ላይ የገቡ ውሎች ይኖራሉ። ነገር ግን የሒሳቡ አቅጣጫ ይህ ነው።

በዚህ አያበቃም። ዘፈኑን ሌላ ሰው ወስዶ ሲዘፍነው የሚከፈለውም ለደራሲው ብቻ ነው። ከዚያው ሸክላ ላይ ስለ አሜሪካ ደቡብ ክፍል ሽንፈት የሚናገረውን «ዘ ናይት ዜይ ድሮቭ ኦልድ ዲክሲ ዳውን»ን ጆን ባዬዝ በ1971 ዘፍናው በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሦስተኛ ደረጃ ደርሳበታለች። ዘፈኑን የጻፈው ካናዳዊው ሮበርትሰን ነው። በመጀመሪያ ያዜመው የደቡቡ ልጅ ሄልም ነው። ሄልም በ1993 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ፣ ሮበርትሰን የዚያን ዘመን ታሪክ እንዲያነብ ወደ ቤተ መጻሕፍት የወሰደው እርሱ መሆኑን ጽፏል። ከባዬዝ ሽያጭ ለሄልም በደራሲነት የሚደርሰው ግን የለም። ለምን? ስሙ ከርዕሱ ሥር የለማ!

አሁን የክርክሩ ሥር ላይ ደረስን። ዘፈን ማለት ምንድር ነው? ሕጉ በዚያ ዘመን የሚያውቀው ዜማና ግጥም ነው። ወረቀት ላይ ሊጻፍ የሚችለውን። በሸክላው ላይ የምንሰማው ግን ከዚያ ይሰፋል። ከ1969ኙ ሸክላ «ራግ ማማ ራግ»ን እንውሰድ። በዚህ ዘፈን ላይ ሁሉም መቀመጫውን ለቋል። ድራም የሚመታው ማኑዌል ነው። ሄልም ማንዶሊን ይዞ ይዘፍናል። ዳንኮ ቤዙን ጥሎ ቫዮሊን ይገዘግዛል። ሀድሰን ፒያኖ ላይ ተቀምጧል። ቤዝ ስለሌለ የታችኛውን ድምፅ የሚሞላው የሸክላው አዘጋጅ ጆን ሳይመን ነው፤ ቱባ የተባለውን ትልቅ የነሐስ መሣሪያ እየነፋ። ዘፈኑን የሚያስወድደው ይህ ግርግር ነው፤ የሠርግ ቤት ዳስ ሊፈርስ ሲል ያለውን ዓይነት ደስታ ይሰጣል። ግርግሩን አውጡትና ግጥሙንና ዜማውን ብቻ በአንድ ጊታር ተጫወቱት፤ ጥሩ ዘፈን ነው፣ ግን ያ ዘፈን አይደለም። ከርዕሱ ሥር ያለው ስም አንድ ነው፤ ሮበርትሰን።

ከመጀመሪያው ሸክላ ደግሞ «ቼስት ፊቨር»ን እንስማ። ይህን ዘፈን የሚያስታውስ ሰው የሚያስታውሰው መግቢያውን ነው። ሀድሰን ከባሕ የኦርጋን ሥራ አንድ ሐረግ ነጥቆ ይጀምርና ወደ ራሱ መንገድ ይሄዳል። በመድረክ ላይ ይህ መግቢያ እያደገ ሄዶ ለብቻው የሚቆም ረጅም ድርሰት እስከ መሆን ደርሷል፤ በ1972 በወጣው የመድረክ ሸክላቸው ላይም የራሱ ርዕስ ተሰጥቶት በሀድሰን ስም ተመዝግቧል። ራሱን የቻለ ሲሆን ድርሰት፣ ከዘፈኑ ጋር ሲሆን አጃቢ። ያው ጣት፣ ያው ኦርጋን።

እኛ አገር የካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እየተባለ ለየብቻ ሲጻፍ ለምደናል። አቀናባሪው በገንዘብ ምን እንደሚያገኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ ግን ለሥራው ቃል አለን። የ«ዘ ባንድ» ትልቁ ጥበብ ያለው በዚህ በሦስተኛው ቃል ውስጥ ነው፤ አምስት ሰው ተቀምጦ ማን የቱን ይያዝ፣ የት ዝም ይባል፣ ማን ቀድሞ ይዝፈን እያለ የሚያወጣው ቅንብር። የአሜሪካው የሁለት ሳንቲም ሕግ ደግሞ ሣጥን ያላዘጋጀለት ይህንኑ ነው። ስለዚህ አምስቱም ደክመው የሠሩት ወደ ሒሳብ ክፍል ሲደርስ የአንድ ሰው ይሆናል። ሄልም በመጽሐፉ ላይ የሁለተኛው ሸክላ ሲወጣ ስሞቹን አይቶ መደንገጡን፣ ባንዱ ውስጥ ቅሬታ የገባውም ከዚያ ጀምሮ መሆኑን ይናገራል።

እዚህ ላይ ብናቆም ለሮበርትሰን በደል እንፈጽም ነበር። ሂስ የአንድ ወገን ጠበቃ አይደለም። ሮበርትሰን በ2016 ባሳተመው መጽሐፉም ሆነ በቃለ ምልልሶቹ የሚለው ግልጽ ነው፤ ጠዋት ተነሥቼ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ፣ ሌሎቹ እንዲጽፉ ለምኛለሁ፣ ይልቁንም ማኑዌልን። መጠጥና ሄሮይን በቤቱ ውስጥ ገብተው እንደ ነበር ሁለቱም መጻሕፍት ያምናሉ። ሰክሮ የተኛ ሰው ዘፈን አይጽፍም። ደግሞም ሌላው ዜማ ይዞ ሲመጣ ስሙ እንደሚገባ ማስረጃ አለ። «ዊስፐሪንግ ፓይንስ» በተባለው ዘፈን ዜማው የማኑዌል ነበር፤ ቃል አልመጣለት ብሎ ሮበርትሰን ግጥሙን ሠራለት። ሁለቱም ስም አለ። ስለዚህ ሮበርትሰን የሌላውን ዜማ ሰረቀ ለማለት የሚያበቃ ነገር እኛ በሸክላዎቹ ላይ አላገኘንም።

ታዲያ ማን ነው ልክ? እንደ እኛ አስተያየት ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነው። ሮበርትሰን ይጽፋል፣ ስለጻፈ ይከፈለዋል፣ ስለተከፈለው ቤቱ ተቀምጦ መጻፍ ይችላል። ሌላው አይጽፍም፣ ስላልጻፈ ከሸክላው የሚያገኘው ያንሳል፣ ስለዚህ የሚኖረው በመድረክ ነው፣ በመድረክ የሚኖር ሰው ደግሞ የመጻፊያ ጊዜ የለውም፣ ይጠጣል። በየዓመቱ ሰባት ቀን የሚበልጥ ሰው፣ በአሥር ዓመት ሰባ ቀን እንደሚበልጥ ሁሉ፣ ልዩነቱ እየተጠራቀመ ሄደ። በመጀመሪያ የሁለት ጸሐፊዎች የልማድ ልዩነት ነበር። ሒሳቡ ወደ ኑሮ ልዩነት ለወጠው። የኑሮ ልዩነቱ ተመልሶ የፈጠራ ልዩነት ሆነ። «የፈጠራ ግጭት» የሚባለው ነገር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

አሁን ስለ ድካም ያነሣነውን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። የመድረክ ገንዘብ የሚገኘው በመጫወት ብቻ ነው፤ ያልተጫወቱበት ማታ አይከፈልም። የደራሲ ገንዘብ ግን ሰውየው ተኝቶም ይመጣል። ስለዚህ መንገድ አምስቱንም እኩል ቢያደክም እንኳ፣ «ደክሞኛል፣ ይብቃኝ» ማለት የሚችለው አንዱ ብቻ ነው። ሄልም በመጽሐፉ መለያየቱን እንዳልፈለገ ጽፏል። ቢደክመውስ ወዴት ይሄዳል? ወፍራም ሲከሳ ቀጭን ይሞታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ግምት እንዳይመስል ከ1976 በኋላ የሆነውን እንይ። ሮበርትሰን እንዳለው አደረገ፤ ከ«ዘ ባንድ» ጋር መንገድ አልወጣም፣ ለስኮርሴሲ ፊልሞች ሙዚቃ ሲሠራ ኖረ። የቀሩት አራቱ በ1983 ያለ እርሱ ተሰብስበው እንደገና መንገድ ጀመሩ። አዳራሾቹ አሁን ትንንሽ ነበሩ። ማርች 4 ቀን 1986፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ትንሽ ቤት ተጫውተው ካደሩ በኋላ፣ ማኑዌል በሞቴል ክፍሉ ውስጥ ራሱን ገደለ። 42 ዓመቱ ነበር። የአንድን ሰው ሞት በአንድ ምክንያት ማስረዳት ድፍረት ነውና አንሞክረውም። ግን በ1968 አራት ዘፈን የነበረው ሰው በ1986 የት እንደ ነበር ማየት ግዴታችን ነው። ዳንኮ በ1999 ሞተ። ሄልም በ1998 የጉሮሮ ካንሰር ያዘው፤ ድምፁ ከተዘጋ በኋላ የሕክምናውን ዕዳ ለመክፈል ዉድስቶክ ያለውን የገዛ ጎተራውን የሙዚቃ ቤት አድርጎ ቅዳሜ ማታ ሕዝብ እያስገባ ይጫወት ነበር፤ በ2012 አረፈ። መንገድ መውጣት ሲያቅተው መንገዱን ቤቱ ድረስ ጠራው ማለት ነው። ሮበርትሰን በ2023፣ ሀድሰን በ2025 ሞቱ። አሁን የሚመሰክር የለም፤ የቀሩት መጻሕፍቱ፣ ፊልሙና ሸክላዎቹ ናቸው።

«ታዲያ ስም እኩል ቢጻፍ ባንድ አይፈርስም?» የሚል ተቃውሞ ይመጣብናል። ሁለት ምሳሌ እንስጥ። «ክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል» የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ ውስጥ የሚጽፈውም፣ የሚዘፍነውም፣ ሸክላውን የሚያዘጋጀውም ጆን ፎገርቲ ነበር። ሌሎቹ አጉረመረሙ፤ የገዛ ወንድሙ ቶም በ1971 ጥሎ ወጣ። ከዚያ ፎገርቲ የቀሩትን ሁለቱን «እንግዲያው እናንተም ጻፉ፣ እናንተም ዝፈኑ» አላቸው። በ1972 የወጣው ሸክላ በሦስት ተከፍሎ ተሠራ፤ ሃያስያን አፌዙበት፤ በዚያው ዓመት ባንዱ ፈረሰ። እዚህ የተከፈለው ሥራው ነው። ከዘገየ በኋላ፣ በቁጣ፣ ልምድ ለሌለው ሰው የተሰጠ ሥራ። ስለዚህ እኩልነት ሁሉ አንድ አይደለም።

«አር.ኢ.ኤም.» ግን በ1980 አቴንስ፣ ጆርጂያ ውስጥ ሲጀምሩ ሌላ ነገር ከፈሉ። ዜማውን ያመጣው ማንም ይሁን ማን፣ የራሳቸው ዘፈን ሁሉ በአራቱም ስም ይመዘገባል። ሥራው እንደ ችሎታ፣ ስሙ እኩል። እነርሱንም መንገድ አልማራቸውም፤ ድራም መቺው ቢል ቤሪ በ1995 ስዊዘርላንድ ውስጥ መድረክ ላይ እያለ የጭንቅላቱ ደም ሥር ችግር ገጠመው፣ ተረፈ፣ በ1997 በሰላም ተሰናበተ። ሦስቱ እስከ 2011 ቀጥለው ያለ ክስና ያለ ስድብ ተለያዩ። በ2024 የዘፈን ደራስያን የክብር ማኅበር ሲመርጣቸው አራቱም አብረው ተቀበሉ፣ አንድ ዘፈንም አብረው ተጫወቱ። እንግዲህ እኩል ስም ባንድን ከመፍረስ አያድንም፤ ድካምም አይፈውስም። የደከመው ሰው ግን የትኛውም ይሁን «ይብቃኝ» ሊል ይችላል፤ ከተለያዩም በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትንሽ አይደለም።

በመጨረሻ ወደ ፊልሙ። «ዘ ላስት ዎልትዝ» ጥሩ ፊልም አይደለም አንልም፤ ሄልም ድራሙን እየመታ ሲዘፍን የሚታይበት ቦታ ብቻ ሌላውን ሁሉ ይክሳል። ግን እንደ ታሪክ ስናነበው ፊልሙ ራሱ የሸክላውን ስሕተት ይደግመዋል። ካሜራው ጽሑፍ የሠራውን ሰው ይከተላል፤ ማኑዌልና ሀድሰን በገዛ ስንብታቸው ላይ እንደ እንግዳ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ምክንያቱን የሚነግረን መንገዱን መተው የቻለው ሰው ነው። መተው ያልቻሉት አጠገቡ ተቀምጠው ዝም ይላሉ።

ያን ማታ «ደክሟቸው ነው» ያለው ጓደኛችን ይህን ረቂቅ አንብቦ አንድ ቃል ብቻ እንድናስተካክል ጠይቆናል። «ደክሟቸው» የሚለውን «ደክሞት» እንድናደርግለት። አድርገንለታል።